ሲስተም ሲቋረጥ ማመልከቻው ተንጠልጥሎ ለቀረ ተጠቃሚ መልእክት እንዴት ይጻፋል?

ሲስተም ሲቋረጥ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ ይኖራል። የመጀመሪያው ገና ምንም ያልላከው ነው፤ ለእሱ «አገልግሎቱ ተቋርጧል፤ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል አንድ መስመር ይበቃዋል። ሁለተኛው ቅጹን ሞልቶ፣ ክፍያውን ፈጽሞ፣ «ላክ» የሚለውን ከተጫነ በኋላ መልስ አጥቶ የተቀመጠው ነው። ይህን ሰው የሚያስጨንቀው የላከው ነገር የት እንደ ደረሰ ነው። ደርሷል ወይስ አልደረሰም? እንደገና ልላክ ወይስ ልጠብቅ? የከፈልኩትስ ምን ሆነ? «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱንም አይነካም።

ይህ መመሪያ ለሁለተኛው ሰው ስለሚጻፈው መልእክት ነው። ነገሩ በተጨባጭ እንዲታይ አንድ ምናባዊ ጉዳይ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከተለዋለን። የፈቃድ እድሳት ማመልከቻ በኢንተርኔት የሚቀበል አንድ ተቋም አለ። ከጠዋቱ 3፡10 ላይ ማመልከቻዎችን የሚመረምረው የሲስተሙ ክፍል ቆመ። ቅጹ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ማመልከቻ እየተቀበለ፣ ቁጥር እየሰጠ፣ ወረፋ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ከረፋዱ 5፡40 ላይ ቅጹም መንተፋተፍ ጀመረ፤ «ላክ» የሚለውን የተጫነ ሰው ገጹ ሲዞር ሲዞር ቆይቶ የስህተት መልእክት ይመጣበታል። ከቀኑ 6፡00 ላይ ባለሙያዎቹ ቅጹን ሆን ብለው ዘጉት። የዕለቱ ማመልከቻ መቀበያ የሚያበቃው ከቀኑ 11፡30 ነው።

ደረጃ 1፦ ከመጻፍዎ በፊት ማመልከቻዎቹ የት እንዳሉ ይወቁ

የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው ብዕር ከመነሳቱ በፊት ነው። መልእክት ጸሐፊው ለባለሙያው «ምን ተበላሸ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም አሳምሮ ይጽፈዋል። መጠየቅ ያለበት ግን «ሰዎች የላኩት አሁን የት ነው ያለው?» ብሎ ነው። በምሳሌያችን ይህ ጥያቄ ሦስት መልስ አለው።

ከ3፡10 እስከ 5፡40 የላኩት ማመልከቻቸው ተቀምጧል፤ ቁጥርም አላቸው፤ ያልተጀመረው ምርመራው ብቻ ነው። ከ6፡00 በኋላ የመጡት የተዘጋ ቅጽ ስላገኙ የላኩት ነገር የለም። አስቸጋሪዎቹ ከ5፡40 እስከ 6፡00 ባሉት 20 ደቂቃዎች የሞከሩት ናቸው። በዚያ ጊዜ ማሳያው ላይ የወጣው 504 የተባለው የስህተት ቁጥር ከሆነ፣ ትርጉሙ «መልስ ስጠብቅ ጊዜው አለቀብኝ» ነው። ማመልከቻው ውስጥ ገብቶ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ሳይገባ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች «ደርሶናል» ማለትም ሆነ «አልደረሰንም» ማለት በዚያች ሰዓት ማስረጃ የሌለው ቃል ነው።

«ተቀምጧል» የሚለውን ቃልም በጭፍን አይቀበሉ። ወረፋው ያለው በዲስክ ላይ ነው ወይስ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ? በጊዜያዊው ውስጥ ብቻ ከሆነ ባለሙያው ሰርቨሩን አጥፍቶ ባስነሳበት ቅጽበት ይጠፋል፤ እርስዎም «ደርሶናል» ብለው የጻፉት ቃል አብሮ ይጠፋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከወረፋው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ጥቂት የማመልከቻ ቁጥሮችን ይምረጡና ሙሉ ቅጹ በዳታቤዙ ውስጥ መኖሩን ባለሙያው በዓይንዎ ፊት እንዲያሳይዎ ያድርጉ። ይህ ሳይሆን «ደርሶናል» የሚል ቃል አይጻፍ።

ሌላም የሚጠየቅ አለ። ብዙ ሲስተሞች መልስ ሳያገኝ የቆየን ማመልከቻ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በራሳቸው ይሰርዛሉ፤ «ጊዜው ስላለፈበት ተሰርዟል» የሚል መልእክትም ይልካሉ። እርስዎ «ይጠብቁ፤ ማመልከቻዎ አለ» ብለው በጻፉ በሰዓቱ ሲስተሙ ተቃራኒውን ቢልክ፣ ከዚያ በኋላ የሚጽፉትን ማንም አያምንም። የስረዛው ሰዓት ቆጣሪ መቆሙን ያረጋግጡ። ቅጹ ላይ «እንደገና ላክ» የሚል ቁልፍ ካለም ይነሣ፤ ጽሑፉ አትላኩ እያለ ቁልፉ ላኩ ማለት የለበትም።

ደረጃ 2፦ «እንደገና ልላክ?» ለሚለው መልሱን ይወስኑ

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የመጻፍ ዕድል ቢሰጠኝ ይህን እመርጥ ነበር። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ይልካል፤ ያ ተፈጥሯዊ ነው። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ክፍያው ሁለት ጊዜ ሊቆረጥበት ይችላል። በአንዳንድ ሲስተሞች አዲሱ ማመልከቻ የቀድሞውን ስለሚሽረው ሰውየው ወረፋውን አጥቶ ከኋላ ይሰለፋል። እየተነሣ ያለው ሰርቨርም በድጋሚ ጥያቄዎች ብዛት ተመልሶ ይወድቃል።

ባለሙያው «እንደገና ቢልኩም ችግር የለውም፤ ሲስተሙ ድግግሞሹን ያውቃል» ሊልዎ ይችላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ድግግሞሹን የሚያውቀው በምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ቅጹ ሲከፈት አንድ ስውር መለያ ይሰጠዋል፤ በዚያው መለያ ሁለት ጊዜ የመጣ ማመልከቻ እንደ አንድ ይቆጠራል። ተጠቃሚው ገጹን ዘግቶ እንደ አዲስ ከከፈተው ግን ቅጹ አዲስ መለያ ያገኛል፤ ጥበቃው በዚያ ያበቃል። ሰው ደግሞ ሲቸገር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ገጹን ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ አንዳንዴም ከሌላ ስልክ ይሞክራል። ስለዚህ መለያው ከሰውየው መታወቂያ ወይም ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር ካልተሳሰረ በስተቀር መልሱ «እንደገና አይላኩ» ነው።

«አይላኩ» ማለት ግን ዕዳ ያመጣል። ሰውየው በእርስዎ ቃል ተማምኖ እጁን ሰብስቦ ተቀምጧል። ማመልከቻው ጠፍቶ ቢገኝ ወይም የዕለቱ ሰዓት ቢያልፍበት ኪሳራው በእሱ ላይ መውደቅ የለበትም። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር ከማውጣትዎ በፊት ስለ 11፡30ው የጊዜ ገደብ የሚወስነውን ኃላፊ ያግኙና ያስወስኑ። ቃሉ በእጅዎ ካለ በመልእክቱ ውስጥ ያስገቡት። ኃላፊው ገና ካልወሰነ «የጊዜ ገደቡን በተመለከተ እስከ ከቀኑ 9፡00 ውሳኔውን እናሳውቃለን» ብለው ይጻፉ። «ማንም አይጎዳም» የሚል፣ ሥልጣን ያለው ሰው ያላለው የማጽናኛ ቃል አይጨምሩ።

ደረጃ 3፦ ሰዎችን በያዙት ምልክት ይለዩዋቸው

እኛ ሦስቱን ወገኖች የለየናቸው በሰዓት ነው። ተጠቃሚው ግን «ላክ» የሚለውን የተጫነው በ5፡38 ይሁን በ5፡43 አያስታውስም። የሚያውቀው ማሳያው ላይ ያየውን ነው። ስለዚህ መልእክቱ መለየት ያለበት ሰውየው በእጁ ባለው ነገር ነው፦ የማመልከቻ ቁጥር ደርሶታል ወይስ አልደረሰውም? ክፍያ ተቆርጦበታል ወይስ አልተቆረጠበትም?

ከቀኑ 6፡15 ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ሙሉ መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

> ከቀኑ 6፡15 የወጣ መረጃ
>
> የማመልከቻ ቁጥር ከደረሰዎ፦ ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ እንደገና አይላኩ። ምርመራው አልተጀመረም። የተቀበልንበት ሰዓት ተመዝግቧል፤ ከቀኑ 11፡30 የሚያበቃው የዛሬው ገደብ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው።
>
> «ላክ» የሚለውን ተጭነው ቁጥር ካልደረሰዎ፦ ማመልከቻዎ መድረሱን ገና አላረጋገጥንም። እንደገና አይላኩ፤ እንደገናም አይክፈሉ። የክፍያ መዝገቡን ከማመልከቻዎቹ ጋር እያመሳከርን ነው። ውጤቱን እስከ ከቀኑ 9፡00 በስልክ መልእክት እንልክልዎታለን። ማመልከቻዎ ካልደረሰን እስከ ነገ ከቀኑ 11፡30 ድረስ ያለ ቅጣት መላክ ይችላሉ።
>
> ቅጹ አልከፈት ካለዎ፦ የላኩት ነገር የለም። ቅጹ ሲከፈት እዚሁ ገጽ ላይ እናሳውቃለን። እርስዎም እስከ ነገ ከቀኑ 11፡30 ድረስ ያለ ቅጣት ማመልከት ይችላሉ።
>
> የማመልከቻ መመርመሪያው ከጠዋቱ 3፡10 ጀምሮ ቆሟል፤ ጥገናው ቀጥሏል። ስላጉላላንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቀጣዩን መረጃ ለውጥ ቢኖርም ባይኖርም ከቀኑ 7፡00 ላይ እናወጣለን።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተበላሸው ነገር የተነገረው ወደ መጨረሻው፣ በአንድ መስመር ነው። ብዙ ተቋማት ከዚያ ይጀምራሉ፤ «ባጋጠመን የቴክኒክ ችግር ምክንያት» ብለው ሦስት መስመር ከጻፉ በኋላ ነው ወደ ሰውየው የሚመጡት። ሰውየው ግን በስልኩ ጠባብ ማሳያ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ብቻ ነው። ይቅርታውም አንድ ጊዜ፣ ከመልሱ በኋላ ይምጣ። መልስ ያላገኘ ሰው በይቅርታ ላይ ይቅርታ ቢደረደርለት ንዴቱ ይብሳል።

ሁለተኛው አንቀጽ «ገና አላረጋገጥንም» ይላል። ኃላፊዎች ይህን ቃል ሲያዩ መቀየር ይፈልጋሉ፤ ድክመት ይመስላቸዋል። አይቀየር። ከእሱ ቀጥሎ ምን እየተደረገ እንደሆነ፣ መልሱ መቼና በምን መንገድ እንደሚመጣ፣ መልሱ ክፉ ቢሆን እንኳ ሰውየው ምን ዋስትና እንዳለው ተጽፏል። አለማረጋገጥን የሚያስከፋው እነዚህ ሲጎድሉ ነው።

ደረጃ 4፦ ቃል በቃል ይፈትሹ

«በሂደት ላይ ነው» የሚለው ቃል በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያሳስታል። ሰው ሲሰማው አንድ ሠራተኛ ማመልከቻውን ከፍቶ እያየው ይመስለዋል። በእውነቱ ማንም አልነካውም። «ደርሶናል፤ ምርመራው አልተጀመረም» ይባል። «በቅርቡ» እና «በአጭር ጊዜ ውስጥ» የሚሉትም ይውጡ፤ ለጸሐፊው ሁለት ሰዓት፣ ለአንባቢው ሁለት ደቂቃ ናቸው። «ጥቂት ተጠቃሚዎች» አይባል፤ ችግሩ ለደረሰበት ሰው የሌሎቹ ማነስ የሚፈይድለት ነገር የለም።

አጠራሩ «እርስዎ» ይሁን፤ አክብሮቱም ይጠበቃል፣ ወንድ ወይስ ሴት የሚለው ምርጫም አያስቸግርም። የድርጊቱ ባለቤትም አይሰወር፦ «እየተመሳከረ ይገኛል» ከማለት «እያመሳከርን ነው» ማለት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ያሳያል።

ሰዓት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የሲስተሙ መዝገብ ሰዓትን የሚይዘው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ብዙ ጊዜም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ዩቲሲ በሚባለው ነው። መዝገቡ ላይ የታየውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ መልእክት ውስጥ ማስገባት ሰውን በሰዓታት ያሳስታል። አንድ ሰው ይቀይር፣ ሌላ ሰው ያረጋግጥ፤ ሁልጊዜም «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለው ከቁጥሩ አይለይ። ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓት ያልተጻፈበት መልእክት ነው። ስልኩ ከአንድ ሰዓት በፊት ያስቀመጠውን ገጽ መልሶ ሊያሳየው ስለሚችል፣ መልእክቱ የወጣበት ሰዓት ከላይ ከሌለ ሰውየው ያረጀውን እንደ አዲስ ያነበዋል።

ደረጃ 5፦ መልእክቱን ወደ ሰውየው ያድርሱት

የተጻፈው ነገር የወደቀው ሰርቨር ላይ ከተሰቀለ ማንም አያየውም፤ የማሳወቂያው ገጽ በሌላ ሰርቨር ላይ ይሁን። ማመልከቻ የላኩት ሰዎች ግን አጠቃላይ ገጽ እስኪያገኙ መጠበቅ የለባቸውም። ስልካቸው በመዝገብ ላይ ስላለ አጭር የስልክ መልእክት ይላክላቸው። እዚህ ላይ የልክ ጉዳይ ይመጣል፦ አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብም ይቆጠራል። ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል። በተጨናነቀ ሰዓት አንዱ ቁራጭ ዘግይቶ ቢመጣ «አይላኩ» የሚለው ቃል ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቁራጭ የሚያልቅ ይጻፍ፦

> ማመልከቻ ቁጥር 48213 ደርሶናል። እንደገና አይላኩ። ክፍያዎ ተመዝግቧል። ከቀኑ 7፡00 እናሳውቃለን።

ይህ 65 ነው። ምክንያት የለውም፤ ይቅርታ የለውም፤ ቦታው አይበቃም። መድረሱን፣ አለመላኩን፣ ገንዘቡንና ቀጣዩን ሰዓት ይዟል። እነዚህ አራቱ ሲኖሩ ሌላው በገጹ ላይ ይነበባል።

ደረጃ 6፦ ሲስተሙ ሲመለስ «ተፈትቷል» ለማለት አይቸኩሉ

በምሳሌያችን መመርመሪያው ከቀኑ 7፡30 ላይ ተነሣ፤ ቅጹም ተከፈተ። ለባለሙያው ችግሩ እዚህ ላይ አብቅቷል። ከጠዋቱ 4፡00 ላይ ለላከው ሰው ግን ምንም አልተለወጠም። በ150 ደቂቃ ውስጥ፣ በደቂቃ 12 ሲገባ፣ 1,800 ማመልከቻ ተከማችቷል። ሲስተሙ በደቂቃ የሚመረምረው 20 ነው። ታዲያ ለእነዚህ ሰዎች ምን ሰዓት ይነገራቸው?

መልሱ ሲስተሙ በሚከተለው ተራ ይለያያል። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚታይ ከሆነ 1,800 ለ20 ሲካፈል 90 ደቂቃ ነው፤ የመጨረሻው ሰው ከቀኑ 9፡00 ላይ መልስ ያገኛል። አዲስ የሚገቡት ቅድሚያ የሚያገኙ ከሆነ ግን ከ20ው 12ቱ ለእነሱ ስለሚውል ለቆዩት የሚተርፈው 8 ብቻ ነው። 1,800 ለ8 ሲካፈል 225 ደቂቃ ይሆናል፤ ማለትም 3 ሰዓት ከ45፣ እስከ ከቀኑ 11፡15። ባለሙያውን ስለ ተራው ሳይጠይቁ «በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል» ብለው የጻፉ እንደሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚዘገይ ተስፋ ሰጥተዋል። ቢቻል ተራው ለቆዩት ሰዎች እንዲቀየር ይጠይቁ፤ ይህ ከቃላት በላይ ነው፤ ከማንኛውም ይቅርታም ይሻላል።

ሰዓቱንም ከሂሳቡ ትንሽ አሳልፈው ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምርመራ በሚጠበቀው ፍጥነት መሄዱንም ሳያዩ አይጻፉ። ሲስተሙ ገና ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀስ ይላል። ተራው ለቆዩት ተሰጥቷል እንበል። ከቀኑ 8፡00 ላይ ወረፋው ውስጥ ከ3፡10 እስከ 5፡40 ከገቡት 1,200 ቀርቶ ከተገኘ ሂሳቡ ልክ ነበር። 1,500 ቀርቶ ከተገኘ ፍጥነቱ በደቂቃ 10 ነው፤ የቀረው ጊዜም 150 ደቂቃ ይሆናል። ሂሳቡ ልክ በሆነበት መንገድ መልእክቱ እንዲህ ይወጣል፦

> ከቀኑ 8፡05 የወጣ መረጃ
>
> ምርመራው ከቀኑ 7፡30 ጀምሮ ተመልሷል። ከጠዋቱ 3፡10 እስከ 5፡40 የላኩ አመልካቾች በላኩበት ተራ እየታዩ ነው፤ እስከ ከቀኑ 9፡30 ሁሉም መልስ ያገኛሉ። እንደገና አይላኩ። የመቀበያ ማረጋገጫዎች ዘግይተው ሊደርስዎ ይችላሉ፤ አዲስ ማመልከቻ ተመዝግቧል ማለት አይደለም።
>
> ቁጥር ሳይደርሳቸው ለቀሩት የማመሳከሩ ውጤት በተባለው ሰዓት፣ እስከ ከቀኑ 9፡00 ይላካል።

የመጨረሻው ስለ ማረጋገጫዎች የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ሲስተም ሲነሣ ታፍነው የቆዩት አውቶማቲክ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ፤ በ4፡00 የላከ ሰው በ8፡10 «ማመልከቻዎን ተቀብለናል» የሚል ሲመጣለት ሁለተኛ ማመልከቻ በስሙ የገባ ይመስለዋል።

ማመሳከሩ ሲያልቅ እነዚያ የ20 ደቂቃ ሰዎች አንድ ላይ አይነገራቸው፤ ለየራሳቸው ይጻፍላቸው። ማመልከቻው ተገኝቶ ከሆነ ቁጥሩ ይላክለት። ክፍያው ተቆርጦ ማመልከቻው ካልገባ «ክፍያዎ በስምዎ ተይዟል፤ ቅጹን ብቻ ይሙሉ፤ አይክፈሉ» ይባል፤ ቅጹ በእርግጥ ክፍያ ሳይጠይቅ እንደሚያሳልፈው አንድ ሰው ከሞከረው በኋላ። ሁለቱም ካልተገኙ «አልደረሰንም፤ እስከ ነገ ከቀኑ 11፡30 ይላኩ» ይባል።

ደረጃ 7፦ መልእክቱ መሥራቱን ይከታተሉ

መልእክቱ ከወጣ በኋላ ሁለት ነገር ይታይ። ቅጹ ሲከፈት በአንድ የፈቃድ ቁጥር ስንት ድርብ ማመልከቻ ገባ? የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኞችስ ምን እየተጠየቁ ነው? ሰዎች ደውለው «መቼ ነው የሚመለሰው?» ካሉ ይህ የሚጠበቅ ነው። «ልላክ ወይስ ልጠብቅ?» ካሉ ግን የመጀመሪያው መስመር አልተነበበም፣ አልተረዳም፣ ወይም ሌላ ነገር ተቃርኖታል። ያኔ ሌላ አዲስ መልእክት ከመጨመር በፊት ተቃራኒው ከየት እንደመጣ ይፈለግ፤ ብዙ ጊዜ የተረሳ ቁልፍ ወይም የቆየ አውቶማቲክ ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል። የጥሪ ሠራተኞቹም በራሳቸው አባባል ከሚመልሱ በገጹ ላይ ያለውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንዲያነቡ መልእክቱ ከመውጣቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ይድረሳቸው።

አዲስ መረጃ ሲወጣ የቀድሞው አይሰረዝ፤ አዲሱ ከላይ፣ የቀድሞው ከታች ሆነው ይቀመጡ። «ተፈትቷል» የሚለው ቃል የሚጻፈው ከ3፡10 እስከ 6፡00 ከላኩት ሰዎች መልስ ያላገኘ አንድም ሳይቀር ሲቀር ነው፤ ቁጥሩ ዜሮ መሆኑም በዳታቤዝ ፍለጋ ይረጋገጥ። ገጹ ቢያንስ የተራዘመው የጊዜ ገደብ እስኪያልፍ ድረስ ይቆይ፤ ነገ ከቀኑ 11፡00 ላይ ያለ ቅጣት ለመላክ የሚመጣ ሰው የተገባለትን ቃል ሊያሳይ የሚችለው ከዚያ ነው።